ለድሬዳዋ ቆርቆሮ ጣሪያ የኖራ ቅብ ወይስ ነጭ አክሪሊክ ቀለም?

በድሬዳዋ የቆየና የዛገ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፤ ኮርኒስ በሌለው ቤት የሚቀመጥ ሰውም ይህን ግለት ከጣሪያው በቀጥታ በሚወርድ ጨረር ይቀበለዋል። ኖራም ሆነ ለጣሪያ የተሠራ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ገና እንደተቀቡ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ይመልሳሉ፤ የቀረውንም ሙቀት ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ በተሻለ ወደ ሰማይ ይለቃሉ።

ልዩነታቸው የሚታየው ሲቆዩ ነው። ኖራ ርካሽ ቢሆንም ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ በዝናብም ይታጠባል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ኖራ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። ስለዚህ ለሲሚንቶ ጣሪያ እንጂ ለቆርቆሮ አልመርጠውም።

አክሪሊኩ ከብረቱ ጋር አብሮ ይለጠጣል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ዝግጅቱም አይዘለልም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ጣሪያው ታጥቦና ደርቆ፣ ፀረ ዝገት ከተቀባ በኋላ ቀለሙ ሁለት ጊዜ ይደረብበታል። 40 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ በሞገዱ ምክንያት ወደ 45 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ ስላለው፣ ለሁለቱ ድርብ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ቢታሰብ 45 ሊትር ይፈልጋል። ቅቡ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የቀረው አቧራ ወይም ዝገት ነው፤ ከላይ ግራጫ መምሰሉ ግን የተከማቸ አቧራ ስለሆነ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ማጠቡ አብዛኛውን ንጣቱን ይመልሳል።