ኮርድ ከግጥም በላይ፦ በስፔስ ወይስ በቅንፍ?

ለአነስተኛ የመዘምራን ባንድ የኮርድ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ኮርዱን ከግጥሙ በላይ ባለው መስመር ጽፎ በስፔስ እየገፉ ከሚቀየርበት ፊደል አናት ማድረስ ነው። ሁለተኛው በኮርድፕሮ አጻጻፍ ኮርዱን በግጥሙ መካከል በቅንፍ አስገብቶ የቀረውን ለፕሮግራሙ መተው ነው።

```
[G]በማለዳ ደጅህ [C]ቆሜ አመሰግን[D]ሃለሁ
```

የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ፣ በስፔስ የተደረደረው ጽሑፍ በሌላ ስልክ በሌላ ፎንት ሲከፈት D ከ«ሃ» ላይ ተነሥቶ ወደ «ሰ» ሊንሸራተት ይችላል። ልምድ ያለው ጊታሪስት ይህን በጆሮው ያርመዋል፤ ጀማሪው ግን ያየውን ስለሚያምን ቀድሞ ይቀይራል። በቅንፍ የተጻፈው ኮርድ ግን ከፊደሉ ጋር የተያያዘ በመሆኑ መስመሩ ቢታጠፍም አይለያየውም።

ቅንፉም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮርዱ ቃሉ ከሚጀምርበት ሳይሆን ምቱ ከሚያርፍበት ፊደል በፊት መግባት አለበት፤ ከላይ D ከ«አመሰግንሃለሁ» መጀመሪያ ያልተቀመጠው ለዚህ ነው። እንደ «ን» ያለ አናባቢ የሌለው ሳድስ ላይም ባይጻፍ ይመረጣል፤ ዜማው የሚያርፈው አናባቢ ላይ ነውና።

መዝሙሩ በ B♭ የሚዘመር ከሆነ፣ ጀማሪው ካፖውን 3ኛው ፍሬት ላይ አስሮ ይህንኑ የ G ወረቀት ይጫወታል፤ ለኪቦርዱ ደግሞ ፕሮግራሙ ኮርዶቹን በሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሌላ ቅጂ ያወጣል። በስፔሱ መንገድ ይህ ሁሉ በእጅ እንደገና ይጻፋል። ስለዚህ እኔ ቅንፉን እመርጣለሁ፤ በእጅ ለሚጻፍ ወይም በፒዲኤፍ ታትሞ ለሚታደል አንድ ገጽ ግን ስፔሱ ይበቃል።