ጉሮሮው ቆስሎ ውሃ እንቢ ላለ ልጄ ለደረሰችልን ሲስተር

ይህን የምጽፈው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የህፃናት ክፍል ለምትሠራ አንዲት ሲስተር ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራውም።

የ2 ዓመቱ ልጄ ማክሰኞ ሌሊት ድንገት በትኩሳት ነደደ። ጠዋት ጡጦውን ስሰጠው አንዴ ሳብ አደረገና ጮኾ ወረወረው። ምራቁን መዋጥ እንኳ አቅቶት ለሃጩ አገጩ ላይ ይዝረበረባል። እናቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» አለች። ጎረቤቴ ደግሞ ቶንሲል ነው ብላ ከልጇ የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዛ መጣች። ሁለቱም ለልጁ ተጨንቀው ነው። እኔ ግን ግራ ገባኝና ይዤው ሄድኩ፤ እናቴም አብራኝ መጣች።

ሲስተር አፉን ከፍታ በባትሪ አየችና «እማማ፣ እስቲ እርስዎም ይዩት» አለች። እናቴ ጎንበስ አለች፤ እኔም ከጎኗ። ከላንቃው ኋላ፣ ለስላሳው ቦታ ላይና እንጥሉ ዙሪያ፣ የመርፌ አናት የሚያካክሉ አምስት ስድስት ነጫጭ ቁስሎች አሉ። እያንዳንዱ ዙሪያው ቀልቷል። ድዱና ምላሱ ንፁህ ነው። መዳፉንና የእግሩን መርገጫ ገልብጣ አየች፤ እዚያም ምንም የለም።

«ሄርፓንጂና ይባላል» አለችን። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ትኩሳቱ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ፣ ቁስሉም በሳምንት ገደማ በራሱ ይሄዳል። ለእናቴም «እንጥሉ ቢቆረጥ ደም ይፈሰዋል፣ ሌላ ቁስል ይጨመርበታል፤ ይኼኛው እንደሆነ ሳይነኩት ይድናል» ስትላት፣ እናቴ ባትሪውን ተቀብላ ደግማ አየችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ የእንጥል ነገር አልተነሳም።

ከዚያ ሲስተር «የሚያሰጋን ቁስሉ ሳይሆን የውሃ ጥማቱ ነው» አለች። «ሆዱማ ይፈልጋል፣ ጉሮሮው ነው እንቢ ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን እናስታግስለት።» የፓራሲታሞሉን ሽሮፕ አሳየኋት። በ5 ሚሊ ውስጥ 120 ሚሊግራም ይላል። እኔ እሰጠው የነበረው 2.5 ሚሊ ነው። መዘነችው፤ 12 ኪሎ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ስለሚታሰብ ለእሱ ከ120 እስከ 180 መሆን ሲገባው፣ እኔ የምሰጠው 60 ብቻ ነበር። ለካ ያልሠራለት ለዚህ ነው! 7.5 ሚሊ ስጪው አለችኝ፤ ከ6 ሰዓት በፊት እንዳይደገም፣ በ24 ሰዓትም ከ4 ጊዜ እንዳይበልጥ። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። የሽሮፕ ጥንካሬ ስለሚለያይ የእናንተን ልጅ ኪሎና የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳታዩ የእኔን ልክ አትውሰዱ።

ቀጥሎ ያሳየችኝን በሕይወቴ አልረሳውም። ሽሮፑን ሰጥተን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በንፁህ ስሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣ 10 ሚሊ ቀዝቃዛ ለምለም ቀዳችና ጫፉን በጉንጩና በድዱ መካከል አስገብታ ቀስ እያለች ገፋችው። ወደ ጉሮሮ በቀጥታ ከተገፋ ቁስሉን ይመታዋል፣ ትንም ሊለው ይችላል። ዋጠ። 5 ደቂቃ ጠበቀችና ደገመችው። በዚህ አካሄድ በሰዓት 120 ሚሊ ይገባል። አንድ ኩባያ በአንዴ ካልጠጣህ ብዬ ስታገለው የነበርኩት እኔ፣ ያኔ አለቀስኩ።

ጡጦ መሳብ ቁስሉን ስለሚያሳምመው ለጊዜው በስኒ አጠጪው አለችኝ። የሚጠባ ልጅ ግን ጡቱ አይቋረጥበት፤ አጠር አጠር አድርጎ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ለምለሙን አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጥኩ፤ ከ24 ሰዓት የቆየውን ደፋሁ። ለምግብ የቀዘቀዘ ቀጭን አጥሚት፣ ያልኮመጠጠ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ በርበሬና ትኩስ ነገር ያቃጥለዋል። ሁለት ቀን ጠጣር ምግብ ባይበላ አትደንግጪ፣ ፈሳሹ ብቻ አይቅር ብላኛለች።

ዳይፐሩን የምቀይርበትን ሰዓት ጻፊ አለችኝ። 6 ሰዓት ሙሉ ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን አምጪው አለች። አንገቱ ከደረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ደግሞ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ትኩሳቱ 3 ቀን ካለፈውም ተመልሶ መታየት አለበት። የእኔው ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ዳይፐሩን ሞላው፤ ወዲያው ደወልኩላት። በአምስተኛው ቀን በርበሬ የሌለው ሽሮ በእንጀራ ጎረሰ።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ሰፈራችን ያላችሁ እናቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የት እንደምታገኟት እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የሽሮፑን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።