«አንድ ከለር ቬክተር እናደርጋለን» ለሚሏችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን እንዲህ ፈትሹ

ሎጎአችሁን ከረጢት ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ካርቶን ላይ በአንድ ቀለም ልታሳትሙ ያሰባችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ቴሌግራም ላይ «ማንኛውንም ሎጎ በአንድ ሰዓት አንድ ከለር ቬክተር እናደርጋለን» እያሉ የሚለጥፉ አሉ፣ ቬክተር ማለት በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሳለ፣ ቢያሳድጉት ጠርዙ የማይበላሽ ፋይል ነው፣ ሁሉም አጭበርባሪ ነው አላልኩም በደንብ የሚሰሩም አሉ፣ ግን እኔ የምሰራው ስክሪን ፕሪንት ቤት ነው፣ ፋይል ተቀብዬ ፊልም አውጥቼ ፍሬም የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ የሚመጣውን ጉድ አየዋለሁ። ደንበኛው ከፍሎ ጨርሶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፣ ከዛ «ይሄ አይታተምም» ስንለው እኛ ክፉ እንሆናለን።

በቅርቡ የመጣችውን አንዷን ልንገራችሁ። ቡና ቆልታ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ውስጥ እያሸገች ነው የምትሸጠው። ሎጎዋ አረንጓዴ ክብ ነው፣ ክቡ ውስጥ ቡኒ ጀበና አለ፣ ከጀበናው የሚወጣ ቢጫ ጭስ አለ፣ ከስር የንግድ ስሟ በአማርኛ። ሎጎውን መጀመሪያ የሰራላት ልጅ ትክክለኛውን የኢሉስትሬተር ፋይል ሰጥቷታል፣ ማለትም እጇ ላይ ደህና ቬክተር ነበራት። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በአንድ ቡኒ ቀለም ከረጢቱ ላይ እንዲታተም፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ከለር ለብቻው ፍሬም ስለሚሰራ በሶስት ከለር ይወደዳል። ያንን ለማስቀየር ለአንዱ 2,000 ብር ከፈለች። የመጣላት ፒዲኤፍ ነው፣ የፋይሉ ስም ላይ ሳይቀር «ቬክተር» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከፍቼ ዙም ሳደርገው ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ነው። ሰውየው ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ ቬክተሩን ፎቶሾፕ ውስጥ ከፈተው (ፎቶሾፕ ቬክተር ፋይል ስትከፍትበት ስንት ፒክስል ላድርገው ብሎ ይጠይቅና እዛው ወደ ፎቶ ይቀይረዋል)፣ ከለሩን አጠፋው፣ ፒዲኤፍ ብሎ ሴቭ አደረገው፣ አለቀ። ፒዲኤፍ ደግሞ መያዣ ነው፣ ውስጡ ቬክተርም ፎቶም ይገባል፣ ስለዚህ ፒዲኤፍ ስለሆነ ቬክተር ነው ማለት አይደለም። የሷ ፋይል ውስጥ ያለው ፎቶ ስፋቱ 600 ፒክስል ነው፣ ከረጢቱ ላይ ሎጎው 12 ሴንቲሜትር ነው የሚሆነው፣ አካፍሉት፣ አንዱ ፒክስል 0.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ይሄ በአይን ይታያል። ለጥቁር ነጭ መስመር ስራ በተለምዶ የሚፈለገው በኢንች 1200 ፒክስል ነው፣ ለ12 ሴንቲሜትር ወደ 5,670 ፒክስል ማለት ነው፣ እሷ ያላት የዛን አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው። ቬክተሩ ባይነካ ኖሮ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሂሳብ አያስፈልግም ነበር፣ ምክንያቱም ቬክተር ፒክስል የለውም፣ ጠርዙ የሚወሰነው ፊልም በሚያወጣው ማሽን ነው።

«ወንድሜ፣ ከፍዬበታለሁ እኮ» አለችኝ። መልሳ ጻፈችለት፣ ሰውየው «አስተካክለዋለሁ» ብሎ ሁለተኛ ፋይል ላከ። ይሄኛው እውነትም ቬክተር ነው። ግን ዋናውን ፋይል አልነካውም፣ ያንኑ የተበላሸ ፎቶ ኢሉስትሬተር ውስጥ Image Trace አድርጎ ነው የላከው። ትሬስ ማለት ፕሮግራሙ የፎቶውን ጠርዝ እየገመተ እንደ አዲስ ይስለዋል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ሹል የነበረው ማዕዘን ይድቦለቦላል። ዙም ስታደርጉ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ጥርት ያለ ስህተት ነው። የአማርኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስሟ ውስጥ «ቤት» የሚል አለበት፣ የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት ትሬሱ ውስጥ ተደፍና ድፍን ጉብታ ሆነች፣ ከርቀት ስታዩት «ቢት» ነው የሚለው። «ሌ»፣ «ኬ»፣ «ሜ» ያለባችሁ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ቀለበት እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ፋይሎች ላይ የነበረና ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር ይሄ ነው፣ ግራጫው። ሰውየው «አንድ ከለር» ያለው ጥቁር ነጭ ፎቶ እንደምንለው አድርጎ ነው፣ አረንጓዴው ጥቁር ግራጫ ሆነ፣ ጀበናው ሌላ ግራጫ፣ ጭሱ ደግሞ ፈዘዝ ያለ። ስክሪን ፕሪንት ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ፍሬሙ በብርሃን የሚደርቅ ኬሚካል ይቀባል፣ ፊልሙ ከላዩ ይደረጋል፣ መብራት ይበራበታል፣ ፊልሙ ጥቁር የሆነበት ቦታ ብርሃን ስለማያገኝ ታጥቦ ይከፈታል፣ ቀለሙ በዛ ያልፋል። ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም። ግራጫ ከተፈለገ ማሽኑ ወደ ነጠብጣብ ይቀይረዋል፣ ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ከሩቅ ሲታዩ ግራጫ የሚመስሉ። ስለዚህ ቬክተሩ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን 50% ጥቁር የተሞላ ፊደል ጠርዙ በነጥብ ነው የሚሰራው፣ ከረጢት ላይ ደግሞ ነጥቡ ትልቅ ስለሆነ ፊደሉ የተበላ ይመስላል። «ቬክተር ነው፣ ለምን ደበዘዘ» እያሉ የሚመጡት አብዛኞቹ ይሄ ነው ችግራቸው።

በትክክል ሲሰራ እያንዳንዱ ቅርጽ ወይ 100% ጥቁር ነው ወይ የለም። ግን እዚህ ጋ ማሰብ ያስፈልጋል፣ ክቡንም ጀበናውንም ጭሱንም ጥቁር ብታደርጉት ጀበናው ክቡ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንድ ጥቁር ብይ ነው የሚቀራችሁ። ለዚህ ነው ሰነፎቹ ወደ ግራጫ የሚሸሹት። የሷን እኛ የሰራነው ከዋናው ፋይል ተነስተን ነው፣ ክቡ ድፍን ይሁን አልን፣ ጀበናውና ጭሱ ክቡን ቀደው ወረቀቱ በነሱ ውስጥ ይታይ። ኢሉስትሬተር ላይ ክቡንና ከላዩ ያለውን ጀበና መርጣችሁ Pathfinder ውስጥ Minus Front ነው፣ ኢንክስኬፕ ላይ Path > Difference። የጀበናው አፍና ጭሱ የሚነካኩበት ቦታ ሁለቱም ቀዳዳ ስለሆኑ ይቀላቀላሉ፣ እዛ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን የቀለም መስመር ተውንላቸው። ከዚህ በጣም ካነሰ ከረጢት ላይ ቀለሙ አይይዝም ይቆራረጣል፣ ቀጭን ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ስለሚሰፋ ይደፈናል። ፊደሉ መጀመሪያ ወደ ቅርጽ ተቀየረ (Type > Create Outlines)፣ መስመሮቹም እንደዛው (Object > Path > Outline Stroke)፣ የ«ቤ» ቀለበት ትንሽ ሰፋ ተደረገ። ጥላ ነበረው፣ ጠፋ፣ ጥላ አንድ ቀለም ላይ ምንም አይሰራም።

ራሳችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ኢሉስትሬተር ላይ Edit > Edit Colors > Recolor Artwork አለ፣ ከለሩን 1 ታደርጉታላችሁ፣ ግን ተጠንቀቁ፣ Colorize Method የሚለው Scale Tints ላይ ከሆነ ያንኑ የግራጫ ጣጣ ነው የሚሰጣችሁ፣ Exact አድርጉት። Convert to Grayscale የሚለውንማ አትንኩት። ነጭ ቅርጽ ካለ ደግሞ ነጭ ቀለም ሆኖ እንዳይቀር፣ ቀዳዳ ይሁን፣ በተለይ ስቲከር ለሚቆርጥ ማሽን ከሄደ ማሽኑ ነጩንም እንደ ቅርጽ ቆጥሮ ይቆርጠዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ምርመራው እንዲህ ነው። ፒዲኤፉን ስልክም ላይ ቢሆን ክፈቱና አንዷን ፊደል እስከመጨረሻው ዙም አድርጉ፣ ትንሽ ጠብቁት ምክንያቱም ስልክ መጀመሪያ አደብዝዞ ነው የሚያሳየው፣ ከጠበቃችሁ በኋላም ከደበዘዘ ፎቶ ነው። ኢሉስትሬተር ያለው ሰው ካለ Ctrl+Y ይጫን፣ የሎጎው መስመሮች መታየት አለባቸው፣ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ ፎቶ ተለጥፎ ነው የተሰጣችሁ። የላኩላችሁ ኤስቪጂ ከሆነ ደግሞ በኖትፓድ ይከፈታል፣ እንዲህ አይነት ነገር ካያችሁ ተጭበርብራችኋል

```
<image xlink:href="data:image/png;base64,iVBOR...
```

እንዲህ ከሆነ ቢያንስ ቬክተር ነው

```
<path fill="#000000" d="M 12.4 30.1 C ...
```

ግን fill የሚለው በየቦታው አንድ አይነት መሆን አለበት፣ አንዱ ጋ #000000 ሌላው ጋ #7a7a7a ካለ ግራጫው እዛ ነው ያለው። opacity የሚል ካለም ከ1 ያነሰ ቁጥር እንዳይኖረው እዩ፣ ማሳሳት ያው ግራጫ ማለት ነው።

ሌላ ብር የሚበሉበት ነገር፣ «ቡኒ ላድርግልህ ተጨማሪ ነው» ይላሉ። ለስክሪን ፕሪንት ፋይሉ ጥቁር ነው የሚሆነው፣ ፊልሙ ሁሌም ጥቁር ነው፣ ቡኒው ያለው የቀለሙ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ፋይሉን ቡኒ ማስደረግ የሚጠቅመው ኮምፒውተር ላይ አይቶ ለመደሰት ብቻ ነው። ኦፍሴት ከሆነ ግን ለየት ይላል፣ እዛ የቀለሙን የፓንቶን ቁጥር ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተስማሙ፣ ጥቁር ከሆነም K 100 ብቻ፣ ማለትም ጥቁሩ ቀለም ብቻውን፣ መሆኑን አስረግጡ። አርጂቢ የሚባለው የኮምፒውተር ጥቁር ሲኤምዋይኬ ወደሚባለው የማተሚያ አራት ቀለም ሲቀየር በኢሉስትሬተር በተለመደው ሴቲንግ C75 M68 Y67 K90 ነው የሚሆነው፣ አንድ ቀለም ብላችሁ ከፍላችሁ አራት ፕሌት ይወጣል፣ አራቱ በፀጉር ስፋት እንኳን ከተዛነፉ ትንንሹ ፊደል ጠርዙ ላይ ከለር ያወጣል።

ስታዙ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፣ «ዋናውን ፋይል ራሱን ነው የምታስተካክለው ወይስ ትሬስ ነው የምታደርገው? ግራጫ አልፈልግም፣ 100% ጥቁር ብቻ፣ ጥላና ግሬዲየንት የሌለው፣ ግማሹን አሁን እከፍልሃለሁ ቀሪውን የሚያትምልኝ ሰው ፋይሉን ካየው በኋላ»። የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይሄ አያስከፋውም። የሷው ሰውዬ ብሯን ስትጠይቀው «ፋይሉን ልኬያለሁ፣ ስራዬን ጨርሻለሁ» ብሎ ከዛ ብሎክ አደረጋት፣ ደረሰኝም ምንም የላትም።

ዋናው ቬክተር ጭራሽ የሌላችሁ፣ ያላችሁ ከፌስቡክ የወረደ ፎቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስራው መቀየር አይደለም፣ እንደ አዲስ በእጅ መሳል ነው፣ ፊደሉም ፎንቱ ተፈልጎ እንደገና ይጻፋል። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ሌላ ነው፣ «በአንድ ሰዓት» የሚላችሁ ሰው ያው ትሬስ ነው የሚያደርገው። ፋይሉ ሲመጣ በሚታተምበት ልክ፣ 12 ሴንቲሜትር ከሆነ 12 ሴንቲሜትር፣ ተራ ሌዘር ፕሪንተር ላይ አውጡት። ሌዘሩ ላይ የተደፈነች ቀለበት ከረጢት ላይ አትከፈትም።