ስምንት ወር ከስሪዲ ፕሪንተሬ ጋር፦ ዕቃው የሚሰበረው በየት በኩል ነው?

ስሪዲ ፕሪንተሩን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነው። የማተሚያ ጠረጴዛው 22 በ22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ማሽን ነው። የፕላስቲክ ክር አቅልጦ ኖዝል በሚባለው ጫፉ እያወጣ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረበ ዕቃ ይሠራል። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቀው ቤቴ፣ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ለጌጥ ያተምኩበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የማትመው መያዣና ማንጠልጠያ ነው፤ ሸክም የሚችል ዕቃ። የምመዝነውም በዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ሥራዬ ለጎረቤቴ ባጃጅ የስልክ መያዣ ነበር። ቅርጹ የቤት ማዕዘን ይመስላል። አንዱ ክንፍ በሁለት ብሎን ባጃጁ ላይ ይታሰራል። ሌላው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሹፌሩ ይወጣና ጫፉ ላይ ስልኩን ይይዛል። ስሠራው የሚታሰረውን ክንፍ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት፤ ክንዱ ሽቅብ ቆሞ ታተመ። ሲያዩት ያምራል። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ ስብርባሪውን ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ቀጭ አለ፤ ስልኬን በእግሬ ነው ያተረፍኩት» አለኝ።

ስብራቱን ብርሃን ላይ አየሁት። ክንዱ ከሥሩ ነው የሄደው፣ ልክ ማዕዘኑ ላይ። ፊቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ለስላሳና ጠፍጣፋ ነው፤ ትይዩ መስመሮች ብቻ ይታዩበታል። ይሄ ምልክት ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ሲሰበር ፊቱ ይነጣል፣ ይቦጫጨቃል። እንዲህ ለስላሳ ከሆነ ግን የተላቀቀው ንብርብር ከንብርብር ነው።

ነገሩ እንደ እንጨት ነው። እንጨት በጭረቱ በኩል በአንድ ምሳር ይፈለጣል፤ በአግድሙ ግን ያለፋል። ስልኩ ክንዱን ወደ ታች ሲጫነው የክንዱ የላይኛው ፊት ይለጠጣል፣ በርዝመቱ። የእኔ ንብርብሮች ደግሞ ክንዱን በአግድም እየቆረጡ ነው የተደረደሩት። ስለዚህ ሸክሙን በሙሉ የተሸከመው በንብርብሮቹ መካከል ያለው ሙጫ የመሰለ ትስስር ብቻ ነበር።

ሁለተኛውን በጎኑ አስተኝቼ አተምኩት፤ ከላይ ሲያዩት ማዕዘኑ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። አሁን የፕላስቲኩ ክር ከአንዱ ክንፍ ተነስቶ፣ ማዕዘኑን ዞሮ፣ ሳይቋረጥ እስከ ክንዱ ጫፍ ይሄዳል። የዕቃው የውጭ ግድግዳ ስንት ክር እንደሚሆን የሚወስነውን `Wall Line Count` ከ2 ወደ 5 ከፍ አደረግኩ። የውስጡን ማዕዘንም 5 ሚሊ ሜትር ያህል አጎበጥኩት፤ ስል ማዕዘን ላይ ኃይሉ አንድ ቦታ ይከማቻል።

ላለመሞኘት ፒኢቲጂ ከሚባለው ከዚያው የፕላስቲክ ክር ጥቅል ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አተምኩ፤ አንዱን ቆሞ፣ አንዱን ተኝቶ። ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር፣ ስፋታቸው 10። አንድ ጫፋቸውን በሞርሳ ይዤ ሌላው ላይ ውኃ የሞላ ላስቲክ አንጠለጠልኩ። ቆሞ የታተመው ግማሽ ሊትሩን ቻለ፤ ባለ አንድ ሊትሩ ላይ ሳይጎብጥ ቀጭ አለ። የተኛው ባለ አንድ ሊትሩን ተሸክሞ ጎበጠ። ላስቲኩን ሳወርደው ተመልሶ ቀጥ አለ።

በጎን ማተም የራሱ ዋጋ አለው። የብሎኑ ቀዳዳ አግድም ስለሚሆን ጣሪያው ትንሽ ይወርዳል፤ በመሰርሰሪያ አጠራዋለሁ። ጭንቅላቱ ሾጣጣ የሆነ ብሎን ግን አልጠቀምም። ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ንብርብሮቹን ይከፍታቸዋል። ጠፍጣፋ ጭንቅላትና ሰፊ ሮንዴላ ይሻላል።

አቅጣጫው ልክ ሆኖም የተሰበረብኝ አለ። አንዱ የመስኮቱ ጣጣ ነው። ከሰዓት ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ንብርብሩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፤ የሚቀጥለው በደንብ አይዋሃድም። ማሽኑን ከመስኮቱ አራቅኩ፣ ማራገቢያውን 30 በመቶ አደረግኩ፣ የኖዝሉን ሙቀት ከ235 ወደ 245 ዲግሪ ከፍ አደረግኩ። ለውጡ ወዲያው ታየ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ማሽኑ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይሄን ሳየው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከታች ያለው ቀዝቅዞ ስለሚጠብቀው ያ ንብርብር ደካማ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የተቀጠለ ቆሞ የታተመ ማንጠልጠያዬ የተላቀቀው መብራት በሄደበት መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ በዓይን ይታይ ነበር። አሁን ሸክም የሚችል ዕቃ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያንን ጥዬ እንደገና እጀምራለሁ።

ማሽኑን አልሸጠውም። ከሁለት አቅጣጫ ለሚጎተት ዕቃ ግን አንድ ወጥ አድርጌ ማተም ትቻለሁ። ለሁለት ከፍዬ እያንዳንዱን በሚመቸው አቅጣጫ አትምና በብሎን አያይዛቸዋለሁ። ክፍሉ የግድ ቆሞ መታተም ካለበት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ትቼ ረጅም ብሎን አሳልፍበታለሁ። ብሎኑ ሲጠብቅ ንብርብሮቹን እርስ በርስ ይጫናቸዋል። የጎረቤቴ ሁለተኛ መያዣ ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ ማዕዘኑ ላይ እስካሁን ነጭ ጭረት እንኳ አላየሁም።