በጥሬ ገንዘብ ወይስ በዱቤ፦ የሂሳብ ቀመሩ እንዴት ይመጣጠናል?

ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው። ባለቤቱ ባዋጣው 50,000 ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚጀምር አንድ ትንሽ ሱቅ የ20,000 ሸቀጥ ገዛ እንበል።

በጥሬ ገንዘብ ከገዛ፣ ገንዘቡ ወደ 30,000 ሲወርድ በምትኩ የ20,000 ሸቀጥ ስለሚገባ፣ ጠቅላላ ሀብቱ 50,000 እንደሆነ ይቆያል፤ ለውጡ በቀመሩ ግራ ጎን ብቻ ያልቃል።

በዱቤ ሲገዛ ግን ጥሬ ገንዘቡ ሳይነካ ሸቀጡ ስለሚጨመር ሀብቱ 70,000 ይደርሳል፤ በቀኝ በኩልም ለአቅራቢው የሚከፈል 20,000 ዕዳ ስለሚመዘገብ፣ ከ50,000 ካፒታል ጋር ተደምሮ ያው 70,000 ይሆናል። ሱቁ ትልቅ መሰለ እንጂ ባለቤቱ አልበለጸገም፤ ካፒታሉ ንቅንቅ አላለም። ዕዳው በኋላ ሲከፈል ገንዘቡም ዕዳውም በ20,000 ስለሚቀንሱ፣ ውጤቱ ከመጀመሪያው አማራጭ ጋር አንድ ይሆናል።

ሸቀጡ ተመዝግቦ ዕዳው ከተዘለለ፣ ሁለቱ ጎኖች በ20,000 ስለሚለያዩ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በእኔ እይታ ይበልጥ የሚያሰጋው ደረሰኙ ጨርሶ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው፤ ቀመሩ እንደተመጣጠነ ስለሚቆይ፣ ጉድለቱ የሚገኘው ሸቀጡን በመቁጠርና የአቅራቢውን የሂሳብ መግለጫ ከመዝገቡ ጋር በማመሳከር ነው።