ፊቱ ላበጠ ልጅ የቱን ምርመራ እናስቀድም? ኔፍሮቲክና ኔፍሪቲክ በሽንት ሲለዩ

ደብረ ብርሃን ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ዘመድ ወዳጁ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ "ልጁ አብጧል፣ ኩላሊት ነው ተብሏል፣ ምን እናሠራለት?" መልሴ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ ትኩስ ሽንት በማይክሮስኮፕ ይታይ። አልትራሳውንዱ ይቆይ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት የ8 ዓመት ልጁን ይዞ ከመንዝ መጣ። ልጁ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ዙሪያው አብጦ ያድራል። አባትየው ሌላ ቦታ ለአልትራሳውንድ 900 ብር ከፍሏል፤ ወረቀቱ ኩላሊቱ ደህና ነው ይላል። ሽንት ውስጥ ተነክሮ በቀለሙ በሚነበበው ስትሪፕ ደግሞ ፕሮቲን 2+፣ ደም ኔጌቲቭ። በዚህ ብቻ ኔፍሮቲክ ነው፣ ማለትም የኩላሊቱ ማጣሪያ ፕሮቲን ያፈስሳል ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተገዝቶለታል። የስትሪፑ ዕቃ ግን ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ነበር። እርጥበት የገባው ስትሪፕ ያሳስታል።

ሽንቱን ተቀብዬ ሳየው ኮካ ይመስላል። 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አዞርኩና ዝቃጩን አየሁ። ቅርጻቸው የተዛባ ቀይ የደም ሴሎች ሞልተዋል። በመካከላቸው እንደ ቧንቧ ቁራጭ የረዘመ፣ በቀይ ሴል የታጨቀ ካስት አለ። ደሙ ከፊኛ ሳይሆን ከራሱ ከኩላሊቱ ማጣሪያ እንደሚመጣ የሚናገረው ይህ ነው። የደም ግፊቱ ሲለካ 140/95 ሆነ። እናቱ ስትጠየቅ፣ ከወር በፊት እከኩ መግል ይዞ ነበር አለች። እንዲህ ያለ የቆዳ ኢንፌክሽን ከሳምንታት በኋላ የኩላሊቱን ማጣሪያ አስቆጥቶ ደም ሊያስፈስሰው ይችላል፤ ኔፍሪቲክ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎኑን አስቁሞ ጨው ከለከለ፣ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድም ጀመረለት። ፕሬድኒሶሎን ግፊቱን ሊያባብሰው ይችል ነበር።

ኔፍሮቲክ ቢሆን ኖሮ ማጣሪያው ደም ሳይሆን አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ነው የሚያፈሰው። ሽንቱ አረፋ ይሠራል፤ እብጠቱ ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል፤ የልጆች ግፊት ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ስትሪፑ ፕሮቲን 3+ ወይም 4+ ይላል። በማይክሮስኮፕ የስብ ጠብታ ይታያል፤ ቀይ ሴል ጥቂት ነው ወይም የለም። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ደግሞ ከ2.5 ግራም በዴሲሊትር በታች ይወርዳል። ለልጆች ፕሬድኒሶሎን ዋናው መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የፕሮቲኑ መጠን ካስፈለገ የ24 ሰዓት ሽንት በጀሪካን ለማጠራቀም ማደሪያ አትክፈሉ። የአንድ ጊዜ ሽንት የፕሮቲንና ክሬቲኒን ንጽጽር ይበቃል፤ ሁለቱም በሚሊግራም ተለክተው በልጅ ከ2 ካለፈ ወደ ኔፍሮቲክ ያመዝናል። ኔፍሮቲክና ኔፍሪቲክ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ሽንት ብቻ አይበቃም።

ሽንቱን ግን ከቤት ይዛችሁ አትምጡ። 2 ሰዓት ካለፈው ካስቱ ይሟሟል፤ የከፈላችሁበት ምርመራም ዋናውን ነገር ሳያሳያችሁ ይቀራል።

የመንዙ ልጅ እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ። ከ4 ወር በኋላ ስትሪፑ አሁንም ደም 1+ ሲያሳይ አባትየው ደንግጦ ደወለልኝ። ግፊቱ ደህና ነበር፣ ፕሮቲኑም ጠፍቷል። በዓይን የማይታይ ደም እስከ ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ነገርኩት፤ ሌላ አልትራሳውንድ ሳይከፍል ቀጠሮውን ጠበቀ።