የአላፊ አግዳሚን ፊት ብለር ለማድረግ፦ ስልክ፣ ክራክ ፕሪሚየር ወይስ ነፃው ሪዞልቭ?

ደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ቪዲዮ የምትቀርጹ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ከጀርባ የሚያልፈው ሰው ሲራመድ ብለሩ ከፊቱ ሳይወርድ አብሮት እንዲሄድ በምን እንሥራ? መልሴ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፣ ያውም ነፃው።

ዋጋውን እንይ። ነፃው ሪዞልቭ ጊዜው አያልቅም፣ እስከ 4ኬ ድረስም ያወጣል። የሚከፈልበት ስቱዲዮ 295 ዶላር ነው፤ አንዴ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ፣ ለዚህ ሥራ ግን አያስፈልጋችሁም። አዶቤ ፕሪሚየርም ፊት ላይ ክብ ማስክ አድርጎ በደንብ ይከታተላል፤ ክፍያው ግን በየወሩ በዶላር ነው። ሁለት ዓመት ከከፈላችሁ ከ295 ዶላሩ ያልፋል፣ መክፈል ስታቆሙም ይዘጋል። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ታዲያ በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ይጭናል። ክራኩ ገና ሲጫን «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ያ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሰዎቹ ፊት ያልተሸፈነበት ዋናው ቪዲዮ ተቀምጧል። ሰው ለመጠበቅ ብሎ ይህን ማድረግ ከንቱ ድካም ነው።

ስልክ ላይ በካፕከት ሞዛይክ አስቀምጦ በኪፍሬም በእጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ለአንድ ሰውና ለአምስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሞዛይኩ ከአንዱ ኪፍሬም ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ የሚራመድ ሰው ጭንቅላት ግን ከፍ ዝቅ ይላል። በመሃል ግንባሩ ወይም አገጩ ብቅ ይላል።

ትእዛዝ መጻፍ የማይከብዳችሁ ደግሞ ፊትን ራሱ ፈልጎ የሚሸፍነውንና ነፃ የሆነውን deface መሞከር ትችላላችሁ፦

```
pip install deface
deface bati.mp4 --keep-audio --mask-scale 1.5
```

የመጨረሻው ቁጥር መሸፈኛውን ሰፋ ያደርገዋል፣ --keep-audio ካልተጻፈ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ችግሩ ፊትን የሚፈልገው በእያንዳንዱ ፍሬም እንደ አዲስ መሆኑ ነው። ሰውየው ወደ ጎን ሲዞር ፊቱን ያጣዋል፣ ብለሩም ለሁለትና ሦስት ፍሬም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቪዲዮውን አቁሞ ለሚያይ አንድ ፍሬም ይበቃዋል። ቃለ መጠይቅ የሚሰጣችሁን ሰው ፊትም አብሮ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ሪዞልቭ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የተቀረጸ 20 ሰከንድ ቪዲዮ እንበል፤ በ25 ፍሬም 500 ፍሬም ማለት ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች፣ በመሃል የሻጭ ጃንጥላ ይጋርዳታል።

Color ገጽ ላይ ግቡና Window ውስጥ ክቡን ምረጡ። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ፍሬም ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ግን ፊቷ ትንሽና ደብዛዛ ነው። ፊቷ ትልቅና ጥርት ያለበት ፍሬም ላይ ቁሙ፣ ክቡን ከፀጉር መስመር እስከ አገጭ፣ ጆሮን ጨምሮ አልብሱት። Tracker ውስጥ Perspective 3D እና Rotate ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ትንሽ ፊት ላይ የሚጨበጥ ነጥብ ስለሚያንስ፣ ካልተነሱ ክቡ ይጣመማል። ከዚያ ወደፊት አስከትሉ፣ ወደ ተነሳችሁበት ፍሬም ተመልሳችሁ ደግሞ ወደ ኋላ።

ጥላው ጋ ሲደርስ ክቡ ፊቷን ትቶ ጥላው ላይ ይጣበቃል። ወዲያው አቁሙ። ግራፉ ላይ የተበላሸውን ክፍል ብቻ መርጣችሁ አጥፉ፣ ከጥላው ወደምትወጣበት ፍሬም ሂዱ። Clip የሚለውን ወደ Frame ቀይሩ፣ ክቡን በእጅ ፊቷ ላይ መልሱና እንደገና አስከትሉ። በመሃሉ ያለውን መንገድ ክቡ ራሱ ይሞላዋል። ብለሩ ጥላው ላይ ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ አጥፍታችሁ ብታበሩት ግን ፊቷ ከጥላው ስር ገና ብቅ ሲል ያመልጣችኋል።

ሁለተኛ ሰው ካለ ሁለተኛ ክብ ጨምሩ፤ Tracker የሚያስከትለው የተመረጠውን ክብ ብቻ ነው።

ለመሸፈኛው Mosaic Blur ክቡን የሠራችሁበት ኖድ ላይ ጎትታችሁ ጣሉ። ካሬዎቹ ትልልቅ ይሁኑ፤ ዓይንና አፍ ተለይተው ከታዩ የሚያውቋት ሰዎች ይለዩዋታል። የነጠላዋ ጥለት ወይም ድምፅዋ የሚያስለያት ከሆነ ግን የትኛውም ፕሮግራም አያድናትም፣ ክሊፑን ቁረጡት።

ካወጣችሁ በኋላ የወጣውን ፋይል መልሳችሁ አስገቡና በቀስት ቁልፍ ፍሬም በፍሬም እዩት፤ በተለይ ወደ ምስሉ የምትገባበትንና የምትወጣበትን አምስት አምስት ፍሬም። ታምኔሉንም ከዋናው ሳይሆን ከዚሁ ከተሸፈነው ፋይል ቁረጡ።